የእርግዝና ማቅለሽለሽ ሰዓት አይጠብቅም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ጠዋት ደህና ነኝ፤ የሚያስመልሰኝ ወደ ማታ ነው። ስለዚህ የእርግዝና ሳይሆን ሌላ በሽታ ነው።»

የማቅለሽለሹ ዋና ምንጭ ጨጓራ አይደለም። እንግዴ ልጁ የሚያመነጨው ጂዲኤፍ 15 የተባለ ሆርሞን በደም ሄዶ በአንጎል ሥር ያለውን ማቅለሽለሽን የሚቀሰቅስ ክፍል ይነካል። በ2023 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከእርግዝና በፊት ይህ ሆርሞን በደሟ ውስጥ አነስተኛ የነበረ ሴት ድንገት ሲበዛባት ከሌሎች ይበልጥ ትታመማለች። ሆርሞኑ ሌት ተቀን ከደሟ አይለይም። ብዙዎችን ጠዋት የሚያስቸግራቸው ሆድ ባዶውን ስለሚያድር ነው፤ ሆድ ባዶ የሚሆንበትና ድካም የሚበረታበት ሰዓት ከሰው ሰው ስለሚለያይ ግን ሕመሙ ቀንም ማታም ይመጣል።

ደብረ ብርሃን የምትኖር የ7 ሳምንት ነፍሰ ጡር እንውሰድ። ጠዋት የአይረን ኪኒኗን በባዶ ሆዷ ውጣ ቡና ትጠጣለች፤ ሥራ ላይ ውላ ምሳዋን ትዘላለች። አመሻሽ ላይ ቤት ስትደርስ ሽንኩርት ከትፋ ቁሌት ማቁላላት ስትጀምር ሽታውና ጭሱ አንድ ላይ ያስመልሷታል። ጠዋት ደህና የነበረችው ሴት ማታ የታመመችው እርግዝናው ሌላ ሆኖ ሳይሆን ረሃቡ፣ ድካሙና ሽታው በአንድ ሰዓት ስለገጠሙባት ነው።

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ይጀምራል፣ 9ኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፣ አብዛኞቹን ከ12ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይለቃቸዋል። ከ9ኛው ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ማስመለስ ግን ሌላ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል መመርመር አለበት። ትኩሳት ካለ ደግሞ ሳምንቱ አይቆጠርም፤ በተለይ እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ቆላ ያለች ነፍሰ ጡር በዚያው ዕለት የወባ ምርመራ ታድርግ።

«ከበላሁ ስለሚያስመልሰኝ ሆዴን ባዶ ላድርገው።»

ይህ ልማድ ሕመሙን ያባብሳል። በእርግዝና ወቅት ጨጓራ ምግብን ቀስ ብሎ ስለሚያሳልፍ ብዙ መብላት ያስቸግራል፤ ባዶ መሆን ደግሞ ከዚያ የባሰ ያቅለሸልሻል። መፍትሔው ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ መብላት ነው። ያቺ የደብረ ብርሃኗ ሴት ማታ ከራስጌዋ የገብስ ቆሎ ወይም ደረቅ ዳቦ ታስቀምጥ፤ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ ትቅመስና ጥቂት ቆይታ ትነሣ። ከዚያ በየ2 ሰዓቱ ገደማ ቂጣ፣ በሶ ወይም ድንች የመሰለ ቀለል ያለ ነገር ትብላ። ውኃና ሻይን ከምግቡ ጋር ሳይሆን በመሃል በመሃል ትጎንጭ። ቁሌቱን ለጥቂት ሳምንታት ባሏ ወይም ሌላ የቤት ሰው ያቁላላላት። ኪኒኗንም ማታ እራት በልታ ትዋጥ፤ አሁንም ካስቸገራት ሳታቋርጥ አዋላጅዋን ታማክር።

በጾም ወራት እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ለእሷ አይሆንም። ብዙ እናቶች ይህን ለንስሐ አባታቸው መንገር ያፍራሉ፤ አይፈሩ፣ ይንገሩ።

«ከጓሮ የተቆረጠ ነገር ምን ይጎዳል?»

ዝንጅብል በልኩ ይረዳል። የተፈጨ ደረቅ ዝንጅብል በቀን እስከ 1 ግራም፣ ማለትም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ለአራት ተከፍሎ በሻይ ቢጠጣ ለብዙ ሴቶች ማቅለሽለሹን ይቀንሳል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ወይም የምትደማ ሴት ግን ሐኪም ሳታማክር አትጀምር። ዝንጅብሉ ካልበቃ ቫይታሚን ቢ6 ከ10 እስከ 25 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ይታዘዛል፤ መጠኑን ባለሙያው ይወስን።

ጤና አዳምን ግን ለሆድ መድኃኒት ብሎ ቀቅሎ መጠጣት አደገኛ ነው፤ ማህፀንን ሊያኮማትር ይችላል። ኮሶም ውርጃ ሊያስከትል ስለሚችል በእርግዝና ጊዜ ጨርሶ አይጠጣም። «ሆድ ያረጋጋል» ተብሎ የሚሰጠው የአረቄ ጉንጭም ለፅንሱ ጎጂ ነው፤ ትንሽ ነው ተብሎ የሚፈቀድ መጠን የለውም።

«ማስመለስ ያለ ነው፤ ጤና ጣቢያ ምን ያደርግልኛል?»

አንድ ቀን ሙሉ ውኃ እንኳ አልረጋ ካላት፣ ለ8 ሰዓት ያህል ሽንት ካልመጣ ወይም ሽንቱ ጠቁሮ ካነሰ፣ ስትነሣ ካዞራት፣ ክብደቷ በግልጽ ከቀነሰ፣ ሆዷን ከቆረጣት ወይም ትውከቱ ውስጥ ደም ካየች በዚያው ቀን መሄድ አለባት። ጤና ጣቢያው ሽንቷን ይመረምራል፣ ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣታል፣ ለእርግዝና የሚሆን ማስታገሻም ያዝላታል። ከመንዝ ገጠር እንደሆነች ደግሞ መንገዱ ረጅም ስለሆነ እስክትዝል አትጠብቅ፤ ውኃ አልረጋ ባላት ሰዓት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አስጠርታ ጉዞውን በቀን ትጀምር።