የሂሳብ ቁጥሩ አለኝ እኮ!

«ስሙም የሂሳብ ቁጥሩም እጄ ላይ ነው፤ የት ያመልጣል?»

ባንክ መስኮት ላይ ተቀምጬ ይህን ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። ሰው ቴሌግራም ላይ ስልክ ያያል፣ ይከፍላል፣ ዕቃው ይቀራል። ከዚያ ደረሰኙን ይዞ እኔ ጋ ይመጣል። ፊቱ ላይ ግን አንድ መረጋጋት አለ። ስም ይዟላ!

ስሙ የሌባው ቢሆን ጥሩ ነበር። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ሂሳቦች ግን የተከራዩ ወይም የተሸጡ ናቸው። አንድ ሥራ ያጣ ልጅ ጥቂት ብር ይሰጠውና በስሙ ሂሳብ ይከፍታል። ሲም ካርዱንና የሞባይል ባንኪንግ የምስጢር ቁጥሩን ያስረክባል። ፖሊስ ሲደርስ የሚያገኘው እሱን ነው።

አንዲት ደንበኛዬን ላንሳ። ሱቆች 60 ሺህ ብር የሚሉትን ስልክ በ28 ሺህ አየች። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ 14 ሺህ ቀብድ ላከች። ያናገራት ወንድ ነው፣ ሂሳቡ ግን የሴት ስም ነበር። «የእህቴ ነው» አላት። እዚህ ላይ ነበር መቆም። ከ1 ሰዓት በኋላ «ሞተረኛው መንገድ ላይ ነው፣ 3 ሺህ የኢንሹራንስ ጨምሪ» አላት። ጨመረች። ስልኩ ዝግ መሆኑን አረጋግጣ እኛ ጋ ስትደርስ 9 ሰዓት ሆኗል። ሂሳቡ ውስጥ የቀረው ጥቂት መቶ ብር ነበር።

«እና መልሱልኛ!» አለችኝ። ብዙ ሰው ባንክ ገንዘብን እንደ ተሳሳተ ቴክስት የሚያጠፋ ይመስለዋል። ገንዘቡን ራሳችሁ ፈቅዳችሁ ልካችኋል። ያለ ሂሳቡ ባለቤት ፈቃድ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ከሰው ሂሳብ አንስተን አንሰጥም። የባለቤቱን አድራሻም ለእናንተ አንነግርም፣ ለመርማሪና ለፍርድ ቤት እንጂ። ማድረግ የምንችለው፣ ቶሎ ከደረሰን፣ ሂሳቡ እንዲታገድ ጥያቄውን ማስተላለፍ ነው። የሚታገደው ደግሞ ገና ያልወጣው ብር ብቻ ነው።

ስለዚህ እንደተበላችሁ ስታውቁ ቅርንጫፍ ለመሄድ ታክሲ አትጠብቁ። መጀመሪያ ደውሉ። ንግድ ባንክ 951 ነው፣ ቴሌብር 127። ብሩ ወደ ሌላ ባንክ ሄዶ ከሆነ ለሁለቱም ባንክ ንገሩ። የግብይት ቁጥሩን አዘጋጁ፤ የንግድ ባንክ ከሆነ በFT የሚጀምረው ነው።

ሌባውን ለመሳደብም አትቸኩሉ። ቴሌግራም ላይ አንደኛው ወገን ውይይቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ከስድባችሁ በኋላ ማስረጃችሁ ባዶ ስክሪን ይሆናል። መጀመሪያ ንግግሩን፣ ማስታወቂያውን፣ ፕሮፋይሉን በ@ ከሚጀምረው ስሙ ጋር ስክሪንሾት አንሱ። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የተደነገገ ወንጀል ነው፤ «የራስህ ጥፋት ነው» የሚላችሁ ካለ ይህን ጥቀሱለት።

«ቻናሉ 40 ሺህ ተከታይ አለው»

ተከታይ ይገዛል። ኮሜንቱ ተዘግቷል? የድሮ ፖስቶቹን ወደ ላይ ሂዱና እዩ፤ አምና የኳስ ውጤት ሲለጥፍ የነበረ ቻናል ዘንድሮ ስልክ ሻጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

«ከካርጎ ስለመጣ ነው የረከሰው»

ርካሽ የሚያገኝ ነጋዴ ትርፉን ራሱ ይበላዋል እንጂ ግማሽ ዋጋውን ለእናንተ ለማያውቃችሁ አይሰጥም። ተጠራጠሩና በቪዲዮ ደውሉ። ስልኩን አብርቶ *#06# ይጫን፣ የሚመጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ያሳያችሁ። እውነተኛ ሻጭ 1 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሌባው «ኔትወርክ የለም» ይላል።

«ሱቁ ቦሌ ነው፣ አድራሻውን ልኮልኛል»

አድራሻው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ የሌላ ሰው ሱቅ ነዋ! እሱ በሰጣችሁ ቁጥር ሳይሆን በራሳችሁ ፈልጋችሁ ባገኛችሁት ደውሉ። በአካል ሄዳችሁ ብትከፍሉማ ይሄ ሁሉ ባልመጣ።

«ገንዘብ የሚያስመልስ ሃከር አግኝቻለሁ»

ይህን ያለችኝ ያቺው ልጅ ናት፣ በሳምንቷ።

«ስንት ክፈይ አለሽ?»

«2 ሺህ ብቻ፣ በቅድሚያ።»

የተላከላትን የሂሳብ ቁጥር ጠየቅኳት። ስሙ አሁንም የሴት ነበር። «የእህቱ ነው አለኝ» ብላ ጀመረችና መሃል ላይ ዝም አለች።