ፊኛ የሚለው ስም ነው ያሳሳተን

«ስሙ ራሱ ፊኛ አይደል? ሽንት ሲገባ እንደ ልደት ፊኛ ይለጠጣል፣ ግፊቱም እየጨመረ ይሄዳል።»

የልደት ፊኛ ስትነፉ ገና ከመጀመሪያው ጉንጭ ያሳምማል። የሽንት ፊኛ እንደዛ ቢሆን ኖሮ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥተን ወደ መጸዳጃ ቤት መሮጥ ነበር። ጤነኛ ፊኛ ግን እስኪሞላ ድረስ ውስጡ ያለው ግፊት ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር የውሃ ከፍታ ያህል ብቻ ነው፣ ማለትም ሽንት ቢጨመርም ግፊቱ እምብዛም አይወጣም።

በቁጥር እንየው እስቲ። 50 ሚሊ ሊትር የያዘ ፊኛ ክብ ነው ብላችሁ ብታስቡት ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 4.6 ሴንቲሜትር ነው፣ ሎሚ በሉት። 400 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ ከግማሽ ሊትር ሃይላንድ ትንሽ ጎደል ያለ ማለት ነው፣ 9 ሴንቲሜትር አካባቢ ይደርሳል፣ ትልቅ ብርቱካን ሆነ። የውስጥ ገጹ ግን ከ66 ወደ 262 ካሬ ሴንቲሜትር ነው የሚሄደው፣ 4 እጥፍ! ይሄ ሁሉ ገጽ ከየት መጣ? መጀመሪያ ከእጥፋት ነው፣ ባዶ ፊኛ ውስጡ ተጣጥፎ እንደተቀመጠ ጋቢ ነው፣ ሲሞላ እጥፋቱ ይዘረጋል። ከስሩ ያለው ኮላጅን የሚባለው ክርም ተጠምዝዞ ነው የሚቀመጠው፣ ቀስ እያለ ይቀናል። ከዛ ውጪ ዲትሩዘር የሚባለው ጡንቻ አለ፣ ክሮቹ ጭቃ ቤት ግድግዳ ውስጥ እንዳለ ጭድ በየአቅጣጫው የተሰባጠሩ ናቸው፣ ሲሞላም ላላ ብሎ ይቀበላል እንጂ አይታገልም። አልትራሳውንድ ላይ ባዶ ፊኛ ግድግዳው እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ ሲሞላ ደግሞ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጤነኛ ነው፣ «ውሃ ጠጥተሽ ነይ» የሚሏችሁ አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው፣ ባዶውን ሲያዩት ያበጠ ሊመስል ይችላል።

«የፊኛ የውስጥ ሽፋን ትራንዚሽናል የተባለው ሴሎቹ ሲለጠጡ ወደ ሌላ አይነት ሴል ስለሚቀየሩ ነው።»

አይቀየሩም። ስሙ ያረጀ ስም ነው፣ ድሮ በማይክሮስኮፕ ያዩት ሰዎች በጠፍጣፋ ሴልና በረዥም ሴል መሀል ያለ መሸጋገሪያ መስሏቸው ነው ያወጡት። አሁን ዩሮተሊየም ነው የሚባለው።

ስላይድ ሳሳይ ተማሪዎች ሁሌ እዚህ ጋ ይጣላሉ፣ አንዱ 6 ደርብ ቆጠርኩ ይላል ሌላዋ 2 ነው ትላለች፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የእሱ ከባዶ ፊኛ የእሷ ከተነፋ የተወሰደ ነው እኮ። ሴሎቹ ስለተለጠጡ አልጠፉም፣ ተደፍጥጠውና አንዱ ባንዱ ጎን ተንሸራተው ነው ያነሱ የሚመስሉት። ከታች ትንንሾቹ መሰረት ሴሎች አሉ፣ መሀል ላይ መካከለኞቹ፣ ከላይ ሽንቱን የሚነካው ደግሞ አምብሬላ ሴል ነው፣ ጃንጥላ ማለት ነው፣ አንዱ ከስሩ ያሉትን ብዙዎቹን ይሸፍናል። ባዶ ፊኛ ላይ ጉብ ብሎ ታዩታላችሁ፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ኒውክለስ አለው፣ ፈተና ላይ ይሄን ካያችሁ ሌላ ነገር አትጠርጥሩ።

«ሽንት ይዤ ስቆይ ስሜቱ የሚጠፋው ሰውነቴ መልሶ ስለሚመጠው ነው።»

ስሜቱ የሚጠፋው አእምሮ ምልክቱን ስለሚያፍነውና ጡንቻው ስለሚላላ ነው፣ ሽንቱ እዛው ነው ያለው፣ እንደውም እየጨመረ ነው። ፊኛ ሽንትን መልሶ ለደም የማይሰጠው ደግሞ በአምብሬላ ሴሎቹ ምክንያት ነው፣ እኔ በበኩሌ ሰውነት ውስጥ ካሉ ሴሎች ከነዚህ የበለጠ የሚገርመኝ የለም።

የላይኛው ገጻቸው ዩሮፕላኪን በሚባል ፕሮቲን እንደ ታይል የተነጠፈ ነው፣ ታይሎቹ ጠንካራ ናቸው አይለጠጡም፣ በመሀላቸው ግን መተጣጠፊያ አለ። ታይሉ ካልተለጠጠ ሴሉ እንዴት ይሰፋል ትላላችሁ፣ ዘዴው እዚህ ጋ ነው። ከገጹ ስር በዛው ታይል የተሰሩ ጠፍጣፋ ከረጢቶች ተደርድረው ይጠብቃሉ። ፊኛው ሲሞላ ሴሉ መወጠሩ ይሰማዋል፣ ከረጢቶቹ ወደ ላይ ወጥተው ከገጹ ጋር ይዋሃዳሉ፣ ታይሉ ሳይለጠጥ ሴሉ ተጨማሪ ገጽ አገኘ ማለት ነው። ሽንት ስትሸኑ ደግሞ የተረፈውን ገጽ መልሶ ወደ ውስጥ ይውጠዋል። ጎረቤት ሴሎች የሚያያዙበት ቀበቶም ታይት ጃንክሽን ይባላል፣ ሲወጠርም አይላቀቅም። ጠብታ አያልፍም ማለት ግን አይደለም፣ ትንሽ ውሃና ዩሪያ ያልፋል፣ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም እንጂ።

ይሄ ሽፋን ሲላጥ ነው ችግሩ የሚታወቀው። ሽንት ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከሴሎች ውጪ ካለው ፈሳሽ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ወደ ግድግዳው ሲሰርግ ነርቮቹን ይቀሰቅሳል፣ ማቃጠልና ቶሎ ቶሎ መሽናት ይመጣል። ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ሲሰባበር አክሮሊን የሚባል መርዝ ይወጣዋል፣ እሱ ሽፋኑን ያቃጥላል፣ ሽንቱ ደም ይሆናል፣ ለዛ ነው አክሮሊኑን የሚያከሽፈውን ሜስና የሚባል መድኃኒት አብረው የሚሰጡት። ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ዩሮፕላኪኑን ራሱን ነው ጨብጦ የሚጣበቀው፣ ሰውነት የተያዙትን ሴሎች አራግፎ ይጥላቸዋል።

«ከኩላሊት የሚወርደው ቱቦ የቧንቧ አይነት ነው፣ ሽንቱ በስበት ይወርዳል፣ ፊኛ ሲሞላ ደግሞ ወደ ኩላሊት ይመለሳል።»

ተኝታችሁም ይወርዳል እኮ። ዩሬተር ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር የሚረዝም ጡንቻ ነው፣ በደቂቃ ከ1 እስከ 5 ጊዜ እንደ ማዕበል እየተኮማተረ ጥቂት ጥቂት ይገፋል። በመሀሉ ቆርጣችሁ ብታዩት ቀዳዳው ክብ ሳይሆን ኮከብ ነው የሚመስለው፣ ውስጡ ያው ዩሮተሊየም ተጣጥፎ ነው፣ ማዕበሉ ሲያልፍ ይከፈታል። የጡንቻው አደራደር ከአንጀት ጋር ተገላቢጦሽ ነው፣ አንጀት ላይ ከውስጥ ዙሪያውን የሚዞረው፣ ከውጪ በቁመት የሚሄደው ነው፣ እዚህ በቁመት የሚሄደው ነው ከውስጥ።

የመመለሱ ነገር ደግሞ፣ ዩሬተር ፊኛውን ቀጥ ብሎ አይበሳም፣ በግድግዳው ውስጥ 1.5 ወይ 2 ሴንቲሜትር ያህል በሰያፍ ሄዶ ነው የሚከፈተው። ፊኛ በሞላ ቁጥር ግድግዳው ያችን መንገድ ይጫናታል፣ ስለዚህ ሲሞላ ይበልጥ ይዘጋል እንጂ አይከፈትም። አንዳንድ ህጻናት ላይ ይቺ መንገድ አጭር ሆና ትፈጠራለች፣ እውነትም ይመለሳል፣ ትኩሳት ያለው የሽንት ኢንፌክሽን ሲደጋገምበት ልጁ በዚህ ይመረመራል።

«ሽንት ይዘህ ብዙ ከቆየህ ፊኛህ ይፈነዳል።»

ፊኛው ጤነኛ ከሆነ ከዛ በፊት ሽንቱ ራሱ ያመልጣችኋል። የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ ሞልቶ እያለ ሲመታ ነው፣ መኪና አደጋ ላይ ቀበቶው ሆድ ሲጫን ለምሳሌ፣ የሚቀደደውም አብዛኛውን ጊዜ ጣራው ነው፣ ደካማው ቦታ እሱ ስለሆነ። ሰውየው ሆዱን ያመዋል፣ መሽናት ያቅተዋል ወይ ደም ይሸናል። ደሙ ሲመረመር ኩላሊት በሽንት የሚያስወጣው ክሬቲኒን የሚባል ቆሻሻ ከፍ ብሎ ይገኛል፣ ኩላሊቱ ደከመ እንዴ ያስብላል፣ ኩላሊቱ ግን ምንም አልሆነም። ሽንቱ ሆድ ውስጥ ፈሶ ነው፣ የሆድ ዕቃ ሽፋን ደግሞ አምብሬላ ሴል የለውም፣ ፊኛው ለሰዓታት ይዞ ያላሳለፈውን ክሬቲኒን መጥጦ ወደ ደም ይመልሰዋል።