የወለድ ወለድ ከነጠላ ወለድ በምን ይለያል?

አንዲት የመንዝ እናት ደብረ ብርሃን ገበያ በጎቿን ሸጠች እንበል። 10,000 ብር ባንክ አስገባች። ወለዱ በዓመት 7 በመቶ ነው፤ ታክሱን ለጊዜው እንተወው።

ነጠላ ወለድ የሚታሰበው በዋናው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። በየዓመቱ ያው 700 ብር ነው። በ20 ዓመት ጠቅላላው 24,000 ብር ይሆናል።

በወለድ ወለድ ግን የመጀመሪያው ዓመት 700 ብር ከዋናው ጋር ይደመራል። የሁለተኛው ዓመት ወለድ በ10,700 ላይ ስለሚታሰብ 749 ብር ይሆናል። 49 ብር ምን ትረባለች ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ መጀመሪያ ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። በ10ኛው ዓመት እንኳ ጠቅላላው በነጠላ ወለድ 17,000፣ በወለድ ወለድ 19,672 ብር ነው። በ20ኛው ግን 24,000 እና 38,697 ይሆናል! የመጨረሻው ዓመት ወለድ ብቻውን 2,532 ብር ገደማ ነው።

ይህ የሚሆነው ግን ወለዱ ካልተነካ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ወለዱን በየዓመቱ ለፋሲካ ካወጣችው፣ ያገኘችው ነጠላ ወለድ ነው ማለት ነው። በጊዜ ገደብ ተቀማጭም ወለዱ ወደ ሌላ ሂሳብ የሚገባ ከሆነ ያው ነው። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ባንኩን “ወለዱ ከዋናው ጋር ይደመራል ወይስ ለብቻው ይከፈላል? በስንት ጊዜ?” ብላችሁ ጠይቁ።