«እሺ» ብላ ጻፈች፤ የ2,700 ዶላር ሰነድ መጣላት

ወዳጄ ትንሽ የስጦታ ዕቃ ሱቅ አላት። ሙቀት የሚይዝ የብረት ኮዳ በቀጥታ ከባሕር ማዶ ላስመጣ ብላ ተነሳች። ለፋብሪካው የላከችው የመጀመሪያ ኢሜይል ሁለት መስመር ነበር፦ «ባለ 500 ሚሊ ሊትሩን ኮዳችሁን ወድጄዋለሁ። ጥቁር፣ ነጭና ሰማያዊ እፈልጋለሁ፤ ዋጋው ስንት ነው?»

መልሱም አጭር ነበር። አንዱ 1.80 ዶላር፣ ኤፍ ኦ ቢ፣ ዝቅተኛው የትእዛዝ መጠን 500። እሷ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ መለሰች። በማግስቱ የ1,500 ኮዳ ሰነድ መጣላት፤ ጠቅላላው 2,700 ዶላር፣ ቀብዱ 30 በመቶ፣ ማለትም 810 ዶላር። «ሌቦች ናቸው!» ብላ ደወለችልኝ። ቁጭ ብለን ኢሜይሎቹን ደግመን አነበብናቸው።

«500 ካሉ ሦስቱን ቀለም ደባልቄ 500 እወስዳለሁ ማለት ነው።»

ፋብሪካው የቆጠረው በቀለም ነው፤ ሦስት ቀለም ሲባል 1,500 ሆነ። ነገሩ ስስት እንዳይመስላችሁ። የብረት ኮዳ የሚቀባው ብዙ ጊዜ በዱቄት ቀለም ነው፤ ዱቄቱ ይነፋበታል፣ ከዚያ ምድጃ ገብቶ ይጋገራል። ከጥቁር ወደ ነጭ ለመሄድ መንፊያውና ክፍሉ በሙሉ መጽዳት አለበት፤ ትንሽ ጥቁር ብናኝ ከቀረ ነጩን ያበላሸዋል። መስመሩ በዚያ ሁሉ ሰዓት ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ለ100 ኮዳ ብሎ ቀለም መቀየር አያዋጣቸውም። በመጋዘን ተቀብቶ የተቀመጠ ኮዳ ካላቸው ግን ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም፣ በትንሽ ቁጥር ሊሸጡልሽ ይችላሉ። እሷ ይህን አልጠየቀችም፤ እነሱም አልነገሯትም።

«1.80 ሱቄ ድረስ አይደል እንዴ?»

አይደለም። በኤፍ ኦ ቢ ሻጩ ወጪውን የሚችለው ዕቃው በእሱ አገር ወደብ መርከብ ላይ እስኪጫን ነው። ከዚያ በኋላ የመርከቡ ኪራይ፣ ኢንሹራንሱ፣ የመድረሻ ወደብ ክፍያና ቀረጡ የገዢ ነው። ዕቃው መንገድ ላይ ቢጎዳ ኪሳራውም የገዢ ነው። ደግሞ ከኤፍ ኦ ቢ ቀጥሎ የወደቡ ስም መጻፍ አለበት። በመልሱ ላይ ስም አልነበረም፤ እንግዲህ ጥፋቱ የሁለቱም ነው።

ኮዳ ቀላል ነው፣ ግን ቦታ ይይዛል። 25 ኮዳ በአንድ ካርቶን ቢታሸግ 1,500ው 60 ካርቶን ይሆናል፤ ወደ 2.2 ኪዩቢክ ሜትር ማለት ነው። ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር በጋራ ኮንቴይነር የሚጓዝ ጭነት አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በዚህ ልክ ነው። የካርቶኑን ብዛት፣ መጠንና ክብደት ሳትይዝ ትራንዚተር ዘንድ ብትሄድ እሱም ዋጋ ሊነግራት አይችልም።

«እሺ ያልኩት መልእክቱ ደርሶኛል ለማለት እንጂ ላኩልኝ አላልኩም።»

እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ሻጩ ዋጋና መጠን ጽፏል፤ ከታች የእሷ «እሺ» አለ። እሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደ ስምምነት እወስደው ነበር። «ዋጋው ደርሶኛል፣ ገና አላዘዝኩም» ብትል ኖሮ እዚህ አንደርስም። የሚያስቀው፣ እነሱም «እሺ» ሲሉ ብዙ ጊዜ «አየሁት» ማለታቸው ነው። «ሰማያዊው ፈዘዝ ያለ ይሁን» ብለሽ «እሺ» ካሉሽ አትመኚው። የቀለሙን ቁጥር ጻፊ፣ ናሙናውን በዓይንሽ እይ።

«ቢል ልከውብኛል፣ ካልከፈልኩ ይከሱኛል።»

የመጣው ፕሮፎርማ ነው። «በዚህ ዋጋ፣ በዚህ መጠን ልሽጥልሽ» የሚል ሐሳብ እንጂ የዕዳ ማስከፈያ አይደለም። ካልፈረመችና ቀብድ ካልከፈለች ማንም ማምረት አይጀምርም። ልትፈራ የሚገባት ሌላ ነገር ነበር፦ የባንክ ሒሳቡ ስም ከፋብሪካው ስም ጋር አንድ ነው ወይ? በመሃል «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ቢመጣስ? ያኔ ሳይደውሉ መክፈል አይገባም፤ የሚደወለውም ቀድሞ በሚታወቀው ስልክ እንጂ አዲሱ ኢሜይል ላይ ባለው አይደለም። የእነሱ ስሙ ይገጥም ነበር።

ሁለተኛውን ኢሜይል አብረን ጻፍነው። መጀመሪያ ይቅርታ፣ «እስካሁን አላዘዝኩም» የሚል አንድ መስመር፣ ከዚያ በቁጥር የተለዩ አራት ጥያቄዎች፦ በመጋዘን ያለ ቀለም የትኛው ነው? ከሱ 300 ብወስድ ዋጋው ስንት ይሆናል? የምትጭኑት ከየትኛው ወደብ ነው? የካርቶኑ መጠንና ክብደትስ?

መልሱ በዚያው ቀን መጣ። ጥቁርና ነጭ አለ፣ ከእያንዳንዱ 150፣ ያለ ሱቁ ስም ኅትመት፣ አንዱ 2.30 ዶላር። ሰማያዊ የለም። አሁን ስልኩን የያዘችው ከትራንዚተሩ ጋር ነው።