ማነው እውነተኛው? ስለ ውሸታሞች ደሴት የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ሁለት ሰው ውሸታም ካለው፣ ውሸታሙ እሱ ነው።»

«በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ነገር ይጸናል» የሚለው ደንብ ለሸንጎ ይሆናል። እዚህ ደሴት ላይ አይሠራም። ደሴቷ የእንቆቅልሽ ደሴት ናት። አሜሪካዊው የሎጂክ ሊቅ ሬይመንድ ስሙልያን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ታዋቂ አድርጓታል። ሕጓ አጭር ነው። እውነተኛው ሁልጊዜ እውነት ይናገራል፤ ውሸታሙ ሁልጊዜ ይዋሻል። በመልክ አይለዩም። እነሱ ማን ምን እንደሆነ ይተዋወቃሉ፣ እኛ ግን በእጃችን ያለው ንግግራቸው ብቻ ነው።

ሦስት ሰዎች አገኘን እንበል።

አልማዝ፦ «በላይ ውሸታም ነው።»
በላይ፦ «ጫልቱ ውሸታም ናት።»
ጫልቱ፦ «አልማዝም በላይም ውሸታሞች ናቸው።»

በላይ ላይ ሁለት ሴቶች ተነሱበት። እስቲ እንፈትሽ። አልማዝ እውነተኛ ናት ብለን እንነሳ። እንግዲያው በላይ ውሸታም ነው። ውሸታም ከሆነ ስለ ጫልቱ የተናገረው ሐሰት ነው፤ ስለዚህ ጫልቱ እውነተኛ ናት። ጫልቱ ደግሞ አልማዝን ውሸታም ብላለች። አልማዝን እውነተኛ ብለን ተነስተን ውሸታም ሆና አረፈችው። ተጋጨ፤ ይህ መንገድ ተዘጋ።

የቀረው አልማዝ ውሸታም የምትሆንበት መንገድ ነው። እሷ ከዋሸች በላይ እውነተኛ ነው። በላይ እውነተኛ ከሆነ ጫልቱ ውሸታም ናት። የጫልቱ ንግግርስ? «ሁለቱም ውሸታሞች ናቸው» ብላ ነበር፤ በላይ እውነተኛ ስለሆነ ንግግሯ ሐሰት ነው። ሁሉም ገጠመ። ሁለት ሰው የከሰሰው በላይ ከሦስቱ ብቸኛው እውነተኛ ሆኖ ወጣ። ከሳሾቹ ሁለት መሆናቸው ለክሱ ምንም አልጨመረለትም።

«ግምቴ ካልተጋጨ መልሱን አገኘሁ ማለት ነው።»

አይደለም። ግጭት ግምትን ይጥላል፤ አለመጋጨት ግን ግምቱን በሕይወት ያቆየዋል እንጂ አያረጋግጠውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንዱን መንገድ ይሞክራል፣ ሲገጥምለት እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ሌላኛውም መንገድ ሊገጥም እንደሚችል አያይም።

አልማዝ «በላይ እውነተኛ ነው» ብትል፣ በላይም «አልማዝ እውነተኛ ናት» ቢልስ? ሁለቱም እውነተኞች ቢሆኑ ይገጥማል። ሁለቱም ውሸታሞች ቢሆኑም ይገጥማል። ስለዚህ ምንም አላወቅንም። መልሱ «አይታወቅም» ነው፣ እሱም መልስ ነው።

ከዚህ የሚጥም መካከለኛ ሁኔታም አለ። አልማዝ ብቻ ተናገረች እንበል፦ «እኔና በላይ አንድ ዓይነት ነን።» እውነተኛ ከሆነች በላይም እንደሷ እውነተኛ ነው። ውሸታም ከሆነች ደግሞ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ እሷ ውሸታም ስለሆነች በላይ እውነተኛ ነው። ሁለቱም መንገድ አልተዘጋም፣ ስለ አልማዝም ምንም አናውቅም። በላይ ግን በሁለቱም መንገድ እውነተኛ ነው። ስለ ዝምተኛው ሰው በእርግጠኝነት አወቅን፣ ስለ ተናጋሪዋ ግን አላወቅንም። ይህን የሚያገኘው ሁለቱንም መንገድ እስከ ጫፍ የሄደ ሰው ብቻ ነው።

«ውሸታሙ ያለውን ገልብጠህ ታነባለህ፣ አለቀ።»

መገልበጡ ልክ ነው። ችግሩ ያለው አገለባበጡ ላይ ነው። ወደ ጫልቱ እንመለስ። «ሁለቱም ውሸታሞች ናቸው» ብላ ከዋሸች፣ ብዙ ሰው «እንግዲያው ሁለቱም እውነተኞች ናቸው» ብሎ ይጽፋል። ያኔ አልማዝ እውነተኛ ሆነች፤ እኛ ግን ውሸታም ናት ብለን ተነስተናል። የሌለ ግጭት ተፈጠረ፣ ትክክለኛው መልስም ተጣለ። ትክክለኛው ግልባጭ «ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ እውነተኛ ነው» የሚል ነው። «ሁሉም» የሚለውን ለማፍረስ አንድ ሰው ይበቃል። «ቢያንስ አንዳችን ውሸታም ነን» የሚለው ሐሰት የሚሆነው ግን አንድም ውሸታም ሲጠፋ ብቻ ነው።

ይህን ስህተት የሚያሳብቅ ምልክት አለ። ሁለቱም መንገዶች ከተዘጉባችሁ እንቆቅልሹን ከመውቀሳችሁ በፊት ወደ ግልባጮቹ ተመለሱ። አብዛኛውን ጊዜ «ሁለቱም»፣ «ሁሉም» ወይም «ቢያንስ» የሚል ቃል ያለበት ቦታ ላይ ታገኙታላችሁ።

«የቀርጤሱ ሰው አባባል መልስ የሌለው አዙሪት ነው።»

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቲቶ በጻፈው መልእክት፣ ምዕራፍ 1 ቁጥር 12 ላይ፣ ከቀርጤስ ሰዎች አንዱ የገዛ ወገኖቹን ዘወትር ውሸተኞች እንዳላቸው ይነግረናል። አባባሉ ብዙ ጊዜ ለጥንቱ የቀርጤስ ባለቅኔ ለኤፒሜኒደስ ይሰጣል። ሰውዬው ራሱ የቀርጤስ ሰው ነው፤ እውነት ከተናገረ ዋሸ፣ ከዋሸ እውነት ተናገረ፣ መጨረሻ የለውም ይባላል። (ጳውሎስ ራሱ በዚህ አልተጨነቀም፤ ቀጥሎ «ይህ ምስክር እውነተኛ ነው» ይላል። የሚያወራው ስለ ተራ ውሸተኛ ነው፤ ተራ ውሸተኛ ደግሞ አንዳንዴ እውነት ያመልጠዋል።)

በደሴታችን ጥብቅ ሕግ ብንፈትሸው እንኳ አዙሪት የለም። «የቀርጤስ ሰው ሁሉ ውሸታም ነው» የሚለው እውነት ቢሆን ተናጋሪው ራሱ ውሸታም ይሆናል፣ ውሸታም ደግሞ እውነት አይናገርም። ተጋጨ። ስለዚህ አባባሉ ሐሰት፣ ሰውዬውም ውሸታም ነው። ሐሰት ነው ማለት የቀርጤስ ሰው ሁሉ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ቢያንስ አንድ እውነተኛ አለ ማለት ነው። ያ አንዱ ተናጋሪው አይደለም፣ ሌላ ሰው ነው። በቃ፣ ተፈታ። አዙሪት የሚሆነው በቀርጤስ ከእሱ በቀር ሰው ባይኖር ወይም ሌሎቹም ሁሉ ውሸታሞች ቢሆኑ ነበር።

«እኔ ውሸታም ነኝ» የሚለው ግን የምር አዙሪት ነው። በደሴቷ ይህን ሊል የሚችል ሰው የለም፤ እውነተኛው ቢል ይዋሻል፣ ውሸታሙ ቢል እውነት ይናገራል። እንቆቅልሽ ውስጥ ካገኛችሁት ወይ እንቆቅልሹ ተበላሽቷል፣ ወይ ደግሞ ሲፈልግ የሚዋሽ ሲፈልግ እውነት የሚናገር ሦስተኛ ዓይነት ሰው ገብቶበታል።

«ሁለት ሰዎች ከተቃረኑ አንዱ የግድ እውነተኛ ነው፤ ማንኛው እንደሆነ ለማወቅ ሁሉንም ሁኔታ መዘርዘር ነው።»

አንዱ ሌላውን ውሸታም ካለው፣ አዎ፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻ እውነተኛ ነው። ሌሎች ተቃርኖዎች ግን እንዲህ አይደሉም።

አልማዝ፦ «ከሦስታችን ውሸታሙ አንድ ብቻ ነው።»
በላይ፦ «ውሸታሞቹ ሁለት ብቻ ናቸው።»
ጫልቱ፦ «ሦስታችንም ውሸታሞች ነን።»

ከሦስቱ ንግግሮች ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። አብረው ሐሰት መሆን ግን ይችላሉ።

ሦስት ሰው ካለ የሚፈተሹት ሁኔታዎች 8 ናቸው። አሥር ሰው ቢሆን 1,024 ይሆናሉ፣ ማን ይዘረዝራቸዋል? ዘዴው መነሻን መምረጥ ነው፤ ተናጋሪው እውነተኛ ሆኖ ሊናገረው የማይችል ንግግር ፈልጉ። እዚህ የጫልቱ ነው። እውነተኛ ሰው ራሱን ጨምሮ «ሁላችንም ውሸታሞች ነን» አይልም፤ ስለዚህ ጫልቱ ውሸታም ናት። ንግግሯም ሐሰት ስለሆነ ከሦስቱ አንድ እውነተኛ የግድ አለ፣ እሱም ወይ አልማዝ ወይ በላይ ነው። አልማዝ ብትሆን ብቸኛዋ ውሸታም ጫልቱ ስለሆነች በላይም እውነተኛ ይሆናል፤ በላይ ግን ውሸታሞቹ ሁለት ናቸው ብሏል። ተጋጨ። ስለዚህ እውነተኛው በላይ ነው፤ ውሸታሞቹም እንዳለው ሁለት ናቸው፣ አልማዝና ጫልቱ።