ትይዩ ቧንቧዎች፦ ውሃው በምን ሂሳብ ነው ሚከፋፈለው?

አንድ ቧንቧ መገናኛ ላይ ለሁለት ወይ ለሶስት ተከፍሎ ሄዶ ሄዶ ሌላ መገናኛ ላይ መልሶ ሲገጥም ቅርንጫፎቹ ትይዩ ወይም ፓራለል ይባላሉ። ህጉ ሁለት ነው። አንደኛ የቅርንጫፎቹ ፍሰት ሲደመር ጠቅላላውን ፍሰት ይሰጣል፣ ሁለተኛ ደግሞ ሄድ ሎሱ፣ ማለትም ውሃው በሰበቃ ምክንያት መንገድ ላይ ሚያጣው ኃይል በሜትር ሲለካ፣ በሁሉም ቅርንጫፍ እኩል ነው። የመጀመሪያው ማንንም አያስቸግርም፣ ሰው ሚሳሳተው ሁለተኛው ላይ ነው።

ለምን እኩል ሆነ? መነሻው መገናኛ ላይ ያለው ግፊት አንድ ነው፣ መድረሻውም ላይ እንደዛው። ውሃው በየትም ይምጣ ከአንዱ ነጥብ ተነስቶ ሌላው ነጥብ ላይ ነው ሚደርሰው፣ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለሁሉም መንገድ ያው ነው። በጠባቡ በኩል የመጣችው ጠብታና በሰፊው በኩል የመጣችው ጠብታ ሲገናኙ ያጡት እኩል ነው። ለዛ ነው የቅርንጫፎችን ሄድ ሎስ መደመር ስህተት ሚሆነው፣ መደመር ቧንቧዎቹ ተከታትለው ሲቀጠሉ ነው እንጂ ጎን ለጎን ሲሆኑ አይደለም፤ የአንዷ ጠብታ ኪሳራ በሌላኛዋ ላይ አይደመርም።

እሺ ሄድ ሎሱ እኩል ከሆነ ፍሰቱን ማን ይወስነዋል? ቧንቧው ራሱ። የዳርሲ-ዋይስባክ ቀመር ወደ ፍሰት ሲገለበጥ እንዲህ ይሆናል፦

```
h = K·Q²      K = 0.0826·f·L / D^5
```

`h` ሄድ ሎሱ ነው፣ `K` የቧንቧው ተቃውሞ፣ `f` የሰበቃው ቁጥር (ፍሪክሽን ፋክተር) ነው፣ `L` ርዝመት በሜትር፣ `D` የውስጥ ዲያሜትር በሜትር፣ `Q` በሜትር ኩብ በሰከንድ። እዚህ ላይ አይናችሁን `D^5` ላይ አድርጉ፣ የዚህ ርእስ ጨዋታ በሙሉ እዛች አምስት ላይ ነው ያለው።

በምሳሌ እንየው። 500 ሜትር የሚረዝም ባለ 200 ሚሊሜትር ቧንቧ አለ፣ በሰከንድ 40 ሊትር ያሳልፋል። ሰበቃው በዝቷል ተብሎ ጎኑ ላይ እኩል ርዝመት ያለው ባለ 100 ሚሊሜትር ሊዘረጋ ነው እንበል። ብዙ ሰው ቶሎ ሚያስበው በስፋት ነው፦ የትንሹ አፍ የትልቁ ሩብ ነው፣ ስለዚህ ትልቁ 32 ሊትር ይወስዳል ትንሹ 8 ሊትር ይደርሰዋል። ግን እንደዛ አይሆንም። ለጊዜው `f` ለሁለቱም 0.02 ነው ብንል የትልቁ `K` ወደ 2580 የትንሹ ደግሞ 82600 ይመጣል፣ 32 እጥፍ ማለት ነው። ሄድ ሎሱ እኩል እንዲሆን የፍሰቶቹ ንፅፅር የ32 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 5.66 መሆን አለበት። 40 ሊትሩን በዚህ ስንከፍለው ትንሹ 6 ሊትር ይወስዳል፣ ትልቁ 34። ሄድ ሎሱም ከሁለቱም ወገን ሲሰላ 2.98 ሜትር ይሆናል (ሁለቱም ጋ ካልገጠመ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል፣ ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ የለም)።

ትልቁ ብቻውን እያለ 4.13 ሜትር ነበር፣ ስለዚህ ትንሹ ቧንቧ ጠቅሟል፣ ግን ልክ እኩያውን 200 ሚሊሜትር ብንጨምርለት ኖሮ ፍሰቱ እኩል ለእኩል ተከፍሎ በእያንዳንዱ 20 ሊትር ስለሚሄድ ሰበቃው ወደ ሩብ፣ ወደ 1.03 ሜትር ይወርድ ነበር። ቁፋሮው ያው ቁፋሮ ነው፣ እና እኔ እንደሚመስለኝ ለቧንቧ ዋጋ ብሎ ትንሹን መምረጥ ብዙ ጊዜ አያዋጣም፣ ሁለቱንም አስልቶ ማየት ነው።

ኤሌክትሪክ ያነበበ ሰው ይሄ እኮ የፓራለል ሬዚስተር ነው ይላል። ልክ ነው፣ ግን በግማሽ። እዛ ከረንት በእጥፍ ሲያድግ ቮልቴጅም በእጥፍ ነው ሚያድገው፣ እዚህ ፍሰት በእጥፍ ሲያድግ ሄድ ሎሱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱን ቧንቧ በአንድ ለመተካት ሚደመረው 1/K ሳይሆን 1/√K ነው፣ ይቺን የረሳ ሰው መልሱ ጭራሽ ሌላ ቦታ ነው ሚያርፈው።

ሌላ ችግር አለ፣ `f` ለሁለቱም እኩል ነው ያልነው ለማቅለል ነው። የግድግዳው ሻካራነት ለሁለቱም 0.1 ሚሊሜትር ቢሆን ያው ሻካራነት ለጠባቡ ይከብደዋል፣ በዛ ላይ የፍሰቱን መናወጥ ሚያሳየው የሬይኖልድስ ቁጥሩም ያንሳል፣ ሁለቱም `f`ን ከፍ ያደርጉታል። በ34 እና 6 ጀምረን `f`ን እንደገና ስናሰላ ለትልቁ 0.0188 ለትንሹ 0.023 ይመጣል፣ በዚህ ፍሰቱን ደግመን እንከፍላለን፣ ከዛ እንደገና `f`። ሁለት ሶስት ዙር ላይ በቃ ይረጋል፦ 34.5 እና 5.5 ሊትር፣ ሄድ ሎስ 2.89 ሜትር። መጀመሪያ በስፋት ከገመትነው 8 ሊትር ጋር ስታስተያዩት ልዩነቱ ቀላል አይደለም። መረቡ ሲበዛና ቧንቧዎቹ ሲጠላለፉ ይሄን እንዲህ በቀጥታ መከፋፈል አይቻልም፣ ለዛ መሐንዲሱ ሃርዲ ክሮስ በ1936 ያወጣው እየደጋገሙ ማረም አለ፣ ዛሬ ደግሞ እንደ `EPANET` ያለ ፕሮግራም ይሰራዋል።

መሬት ላይ ሲመጣስ? ትንሹ ቅርንጫፍ ላይ ፍሎው ሜትር ተገጥሞ 5.5 ይጠበቅ የነበረው 3 ሊትር ብቻ ቢያሳይ ምን ማለት ነው? ጠቅላላው ያው 40 ከሆነ ትልቁ ውስጥ 37 እየሄደ ነው፣ ስለዚህ በሁለቱ መገናኛዎች መካከል ወደ 3.3 ሜትር ልዩነት አለ፣ በግፊት ጌጅ ቢታይ 0.32 ባር ገደማ (መገናኛዎቹ ከፍታቸው ከተለያየ እሱን ማስተካከል ነው)። ትንሹም 3.3 ሜትር ማጣት ግዴታው ነው፣ ግን 3 ሊትር ይዞ የቧንቧው ሰበቃ ብቻውን ሚበላው 0.9 ሜትር ነው። የቀረው 2.4 ሜትር የሆነ ቦታ ተበልቷል፦ በደንብ ያልተከፈተ ቫልቭ፣ ውስጡ የቀረ ቆሻሻ፣ ወይ ጉብታ ላይ የተጠራቀመ አየር። መስመሩ ጉብታ ላይ መውጣቱ በራሱ ሂሳቡን አይቀይረውም፣ የወጣው መልሶ ይወርዳልና፣ አየር ከያዘ ግን መንገዱን ያጠብበዋል።

መገናኛዎቹ ላይ ብቻ ጌጅ አድርጎ ችግሩን መፈለግ ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም እዛ ለሁለቱም ቅርንጫፍ ሚነበበው አንድ ነው፣ የታመመውን ከጤነኛው አይለይም። መለካት ያለበት ራሱ ቅርንጫፉ ውስጥ ነው፣ መጀመሪያ ከቫልቩ በፊትና በኋላ፣ እዛ 2.4 ሜትሩ ካልተገኘ መስመሩን ተከትሎ ወደ ጉብታው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ይሄ ሁሉ ሚሰራው ቅርንጫፎቹ ሁለቱም ጫፍ ላይ ሲገናኙ ነው። ከአንድ ቦታ ተነስተው አንዱ እዚህ ታንከር ሌላው እዛ ታንከር ውስጥ ሚገቡ ቧንቧዎች ጎን ለጎን ቢቀበሩም ትይዩ አይደሉም፣ የሁለቱ ታንከር የውሃ ከፍታ ካልተስተካከለ ሄድ ሎሳቸውም እኩል አይሆንም።