ፔስት አድርጎ «ይሰራል» ማለት፦ ስለ ሎካላይዜሽን ቴስት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ስልኬ ላይ ፊደሉ ጥርት ብሎ ታየ፣ ስለዚህ ፎንቱ ችግር የለበትም»

ያየኸው ፎንት አፑ የመረጠው ላይሆን ይችላል። የተመረጠው ፎንት ውስጥ ግዕዝ ከሌለ ሲስተሙ ሳይነግርህ ከራሱ ሌላ ፎንት አምጥቶ ይተካዋል፣ አንተ ጋ ደህና ተተኪ ስላለ ምንም አይታወቅህም፣ ተተኪ የሌለው ማሽን ላይ ግን ያው ጽሁፍ ባዶ ሳጥን በሳጥን ይሆናል። ክሮም ላይ ጽሁፉን Inspect አድርግና Computed ውስጥ እስከ ታች ውረድ፣ Rendered Fonts ስር ጽሁፉ በየትኛው ፎንት እንደተሳለ ስሙን ታገኘዋለህ። ቦልዱን ደግሞ ለብቻው እየው፣ ተተኪው ፎንት ቦልድ ከሌለው ሲስተሙ መስመሩን በግድ ያወፍረዋል፣ ያኔ በትንሽ መጠን እንደ ጨ እና ጬ ያሉትን መለየት ያስቸግራል።

«የቴስት ጽሁፉን ኮፒ ፔስት አደረግኩት፣ ፎርሙ ተቀብሎታል»

ፔስት ያለቀለት ጽሁፍ ነው ባንዴ የሚያስገባው፣ ሰው ግን እንደዛ አይጽፍም። በብዙዎቹ የድምፅ ኪቦርዶች s ስትነካ «ስ» ይመጣል፣ ከዛ e ስትነካ ያው ፊደል ተመልሶ «ሰ» ይሆናል። ፎርሙ በየንክኪው ጽሁፉን እያጸዳ መልሶ የሚጽፍ ከሆነ እዚህ መሀል ይገባና ፊደሎቹ ተበታትነው ወይም ተደግመው ይወጣሉ፣ በፔስት ይሄን መቼም አታየውም። ጃፓንኛ ላይ ይብሳል፣ ሰውየው ቃሉን ለማጽደቅ Enter ሲነካ ያላለቀ መልእክት ይላካል። መፍትሄው አጭር ነው፦

```
if (e.key === "Enter" && !e.isComposing) send();
```

ሳፋሪ ላይ ግን ይቺ ብቻዋን ስለማትበቃ እዛም በእጅ ጽፎ መሞከር ነው።

«የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ላይ በሀሁ ተራ ነው የተቀመጠው፣ ስለዚህ ተራ sort() ይበቃል»

ተራው እውነት ነው፣ ችግሩ ሞክሼዎቹ ናቸው። አንድ ስም በሦስት አይነት የጻፉ ሰዎች ያሉበትን ዝርዝር እንይ፦

```
["ፀሐይ","ኃይሉ","ተስፋ","ሐይሉ","ሀይሉ"].sort()
// ሀይሉ, ሐይሉ, ተስፋ, ኃይሉ, ፀሐይ
```

ኃይሉ ከተስፋ በታች ወረደ፣ ምክንያቱም የኀ ቤት ከተ እና ከቸ ቀጥሎ ነው ያለው። ሰው ዝርዝሩን ከላይ አይቶ ስሙን ሲያጣ «አልተመዘገበም» ብሎ እንደገና ይመዘግባል፣ ፍለጋውም በዛው ልክ ይስታል። ሎኬሉን am ብትለውም ሞክሼዎቹን አንድ አያደርግልህም። የሚሰራው ለማወዳደር ብቻ የሚያገለግል ሌላ ኮለም መያዝ ነው፣ እዛ ላይ ሐ እና ኀን ከነቤታቸው ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ትመልሳለህ፣ ሃን ወደ ሀ ኣንም ወደ አ ማድረግ እንዳትረሳ። ለእይታ ግን ሰውየው የጻፈው እንዳለ ይቀመጥ፣ የሰው ስም አጻጻፍ ማረም የሶፍትዌር ስራ አይደለም።

«አማርኛ በጥቂት ፊደል ብዙ ይላል፣ በተኑ ላይ ይገባል፣ ባይገባም መጨረሻው ሦስት ነጥብ ቢሆን አይጎዳም»

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። አንደኛ፣ ፊደሉ ቁጥሩ ቢያንስም እያንዳንዱ ሰፊ ነው፣ ስለዚህ ፊደል መቁጠር ስለ በተኑ ስፋት ምንም አይነግርህም። ሁለተኛው ደግሞ ግስ ነው። እንግሊዝኛ ግሱን ስለሚያስቀድም መጨረሻው ሲቆረጥ ቢያንስ ምን እንደሚደረግ ይቀራል፣ አማርኛ ግን ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።

«የይለፍ ቃል ቀይር» የሚለውን እንውሰድ። ዘጠኝ ፊደልና ሁለት ክፍተት ነው፣ በUTF-8 አንዱ ፊደል 3 ባይት፣ ክፍተቱ ደግሞ 1 ባይት ስለሚይዝ 29 ባይት ይሆናል። ሰርቨሩ በ20 ባይት ቢቆርጠው «የይለፍ ቃል» ብቻ ይቀራል፣ «የይለፍ ቃል አጥፋ» የሚለውም ሲቆረጥ ያው «የይለፍ ቃል» ነው፣ ሁለት በተኖች አንድ አይነት ሆኑ ማለት ነው። ይሄ ቴስት ላይ የሚያመልጠው ምንም የተበላሸ ስለማይመስል ነው፣ ሙሉ ቃል ሆኖ ነው የሚታየው! በ18 ባይት ቢቆረጥ ኖሮ «ል» መሀሏ ተሰብሮ � ይወጣና ወዲያው ይያዝ ነበር።

ስለዚህ እኔ ስክሪን ላይ አንድ ነገር ላይ የሚሰሩ በተኖችን ጎን ለጎን አደርግና፣ ጠባቡ ስልክ ላይ የጽሁፍ መጠኑን ትልቁ ላይ አድርጌ ግሳቸው ይነበብ እንደሆነ አያለሁ። ካልተነበበ ወይ ሁለት መስመር ይፈቀድለት፣ ወይ ተርጓሚው «ቀይር» ብቻ ብሎ የይለፍ ቃሉን ከላይ ርዕስ ያድርገው። ፎንቱን ማሳነስ ግን አይሆንም፣ በ9 ወይም በ10 ፒክሰል ጨ እና ጬ እንደገና ይደባለቃሉ።